ትክክለኛው የበጀት ፋይል የቱ ነው?

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ ከዚያ በኋላ በገበያ እንደሚወሰን ሲያስታውቅ፣ አዲሱ የበጀት ዓመት ከተጀመረ ገና ሦስት ሳምንቱ ነበር። እስከዚያ ድረስ በባንክ 57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው አንድ ዶላር በዚያው ዕለት ወደ 75 ብር ተጠጋ። ነሐሴ ሳያልቅ ደግሞ 100 ብርን ተሻገረ።

ዜናውን ሁሉም ሰው ስለ ገበያና ስለ ኑሮ ውድነት ሲያወራው፣ በሰኔ ወር በጀቱን በ57 ብር አስልቶ ያጸደቀ ድርጅት ግን ሌላም ጉዳይ ነበረበት። ከውጭ ለጋሽ በዶላር ድጋፍ በሚያገኝ ድርጅት የኤክሴል ፋይል ውስጥ የምንዛሪው ዋጋ አብዛኛውን ጊዜ በአንዲት ሕዋስ ላይ ይቀመጣል፤ የቀሩት ገጾች ሁሉ ከእሷ ይቀዳሉ። 57ን አጥፍቶ 75 ለመጻፍ የሚፈጀው ጊዜ ሁለት ሰከንድ አይሞላም። በእነዚያ ሁለት ሰከንዶች ውስጥ 100,000 ዶላር ድጋፍ ከ5,700,000 ብር ወደ 7,500,000 ብር ይዘላል። ቦርዱ ያላየው፣ ቃለ ጉባኤ ያልተያዘለት 1,800,000 ብር በፋይሉ ላይ ይታያል ማለት ነው።

ቀጥሎ የሚሆነውን በቢሮ የሠራ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የፋይናንስ ኃላፊው አዲሱን ፋይል በቴሌግራም ይልካል። የፕሮግራም አስተባባሪው የሰኔውን ፋይል በኮምፒውተሩ ላይ እንዳስቀመጠ ነው። የግዥ ሠራተኛው ደግሞ በወረቀት የታተመውን ይዞ ዋጋ ያሰባስባል። ከወር በኋላ የጋራ ማኅደሩ ሲከፈት እንዲህ ያለ ነገር ይታያል፦

```
Budget 2017 final.xlsx
Budget 2017 final (2).xlsx
Budget 2017 FINAL new rate.xlsx
Copy of Budget 2017 final edited.xlsx
```

አራቱም የመጨረሻ ነን ይላሉ። ቴሌግራም ያንኑ ስም የያዘ ፋይል ለሁለተኛ ጊዜ ሲያወርድ በራሱ «(2)» ስለሚጨምርበት፣ ሁለተኛው ፋይል ማንም ሳያስበው የተፈጠረ ቅጂ ሊሆን ይችላል፤ አዲስ ቁጥር የያዘም ሊሆን ይችላል። ከስሙ ይህን መለየት አይቻልም።

በእጅ በሚጻፍ መዝገብ ጊዜ ይህ ችግር በዚህ መልኩ አልነበረም። ሒሳብ ሠራተኛው የተሳሳተውን ቁጥር በአንድ መስመር ይሰርዘዋል፤ አዲሱን ከጎኑ ጽፎ ይፈርምበታል። ስርዝ ድልዝ ያለበት ሰነድ ዋጋ የሚያጣውም ለውጡ ለዓይን ስለሚታይና ያለ ፊርማ ተቀባይነት ስለሌለው ነው። የኤክሴል ሕዋስ ግን ስርዝ አያስቀርም። አሮጌው ቁጥር ሲጠፋ ማን፣ መቼ፣ በማን ፈቃድ እንዳጠፋው የሚናገር ምልክት በገጹ ላይ አይኖርም።

መንግሥት በጀት ሲለውጥ የሚከተለውን አካሄድ ማየት ጥሩ ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በሰኔ 2016 መጨረሻ ላይ ለ2017 በጀት ዓመት 971.2 ቢሊዮን ብር አጸደቀ። የምንዛሪ ለውጡ ከመጣ በኋላ በኅዳር 2017 ወደ 582 ቢሊዮን ብር የሚጠጋ ተጨማሪ በጀት ለብቻው ቀርቦ ጸደቀ። የሰኔው ቁጥር አልተፋቀም። የመጀመሪያው በቦታው አለ፤ ተጨማሪው የራሱ ቀንና የራሱ ሕግ ይዞ ከጎኑ ቆሟል፤ የዓመቱን በጀት ማወቅ የሚፈልግ ሰው ሁለቱን ይደምራል። አንድ አነስተኛ ድርጅት በኤክሴል ፋይሉ ላይ ሊሠራ የሚገባውም ይህንኑ ነው፦ የጸደቀውን አለመንካት፣ ለውጡን ለብቻው መመዝገብ፣ የሁለቱ ድምር በሥራ ላይ ካለው ፋይል ጋር እኩል መሆኑን ማረጋገጥ።

ለዚህ ልዩ ሶፍትዌር መግዛት አያስፈልግም። የሚያስፈልገው የስም ሕግ፣ አንድ የለውጥ መዝገብ እና አንዲት ቀመር ነው።

ስም

ጥሩ የፋይል ስም ፋይሉ ሳይከፈት አራት ነገር ይናገራል፦ ምን እንደሆነ፣ የየትኛው በጀት ዓመት እንደሆነ፣ ስንተኛው እትም እንደሆነ እና መጽደቅ አለመጽደቁን። ቀኑ መጨረሻ ላይ ይመጣል። ለምሳሌ፦

```
BUD_2017_v01_APPROVED_EC2016-10-25.xlsx
BUD_2017_v02-D1_DRAFT_EC2016-12-06.xlsx
BUD_2017_v02_APPROVED_EC2016-12-20.xlsx
```

የመጀመሪያው ቦርዱ በሰኔ 25 ያጸደቀው ነው። ሁለተኛው ለቀጣዩ እትም የተዘጋጀ ረቂቅ ነው፤ ቁጥሩ 02 ቢሆንም D1 የሚለው ምልክት ገና ውሳኔ እንዳላገኘ ይናገራል። ረቂቁ ሦስት ጊዜ ቢታረም D2 እና D3 ይሆናል እንጂ v03 አይሆንም። የእትሙ ቁጥር ወደፊት የሚሄደው በመጽደቅ ብቻ ነው። ይህ አንድ ሕግ ብቻ ብዙ ውዝግብ ይቀንሳል፤ «v04 ላይ ነን» የሚል ሰው ከመጀመሪያው በጀት በኋላ ሦስት ለውጥ ጸድቋል ማለቱ ይሆናል።

ቁጥሩ «v2» ሳይሆን «v02» ተብሎ የሚጻፍበት ምክንያት አለው። ዊንዶውስ ራሱ ቁጥሮችን በመጠናቸው ይደረድራል፤ ስሞችን ፊደል በፊደል የሚያነጻጽሩ ሌሎች ሥርዓቶች ግን «v10»ን ከ«v2» በፊት ያስቀምጡታል። ዜሮዋ በሁለቱም ዘንድ ሰልፉን ታስከብራለች። «final»፣ «new»፣ «last» የሚሉት ቃላት ደግሞ ጨርሶ ይከለከላሉ።

ቀንን በተመለከተ የእኛ ቢሮዎች የራሳቸው ፈተና አለባቸው። የ2017 በጀት ዓመት የሚጀምረው ሐምሌ 1 ቀን 2016 ነው። ስለዚህ በነሐሴ 20 የጸደቀ የ2017 በጀት ለውጥ በቀኑ 2016ን ይይዛል። ለጋሹ በበኩሉ ያንኑ ዕለት ኦገስት 26 ቀን 2024 ይለዋል። አንድ ፋይል፣ አንድ ቀን፣ ሦስት ዓመተ ምሕረት፤ ሦስቱም ትክክል ናቸው። አንዱ ሠራተኛ በኢትዮጵያ፣ ሌላው በፈረንጅ አቆጣጠር ስም ካወጡ፣ ማኅደሩ በስም ሲደረደር በ2024 የሚጀምረው ሁሉ ከታች፣ በ2016 የሚጀምረው ሁሉ ከላይ ይሰለፋል። ኦገስት 5 ላይ የተቀመጠ ረቂቅ በነሐሴ 20 ከጸደቀው በሦስት ሳምንት የሚቀድም ሆኖ ሳለ ከእሱ በታች ወርዶ አዲስ ይመስላል።

መፍትሔው አንዱን አቆጣጠር መምረጥና ከቀኑ በፊት ምልክት ማድረግ ነው፤ EC ለኢትዮጵያ፣ GC ለፈረንጅ። ዓመቱ ይቀድማል፣ ወሩ ይከተላል፣ ቀኑ ያልቃል። ወር ብቻ ከተጻፈ መስከረም 01፣ ሐምሌ 11 ስለሆነ የበጀት ዓመቱ መጀመሪያ ከመካከሉ በኋላ ይሰለፋል። ጳጉሜን 13 ተብላ ትጻፋለች፤ በዚያች ሳምንት የጸደቀ ለውጥ ያለው ድርጅት እሷን ወደ 12 ወይም ወደ 01 ማስጠጋት የለበትም። ቀኑን እንደ ልማዳችን በዝባዝ፣ 20/12/2016 ብሎ መጻፍ ደግሞ ከነጭራሹ አይቻልም፤ ዊንዶውስ በፋይል ስም ውስጥ ዝባዝን አይቀበልም።

ስሙን በአማርኛ መጻፍ የሚፈልግ ድርጅት መጻፍ ይችላል፤ ዛሬ ኮምፒውተሮች ያነቡታል። ነገር ግን አንዱ «ሥልጠና»፣ ሌላው «ስልጠና»፣ አንዱ «ዓመት»፣ ሌላው «አመት» ብለው ካስቀመጡ ፍለጋው አንዱን አግኝቶ ሌላውን ይስተዋል። ለኮምፒውተሩ ንጉሡ ሥ እና እሳቱ ስ ሁለት የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ስለዚህ በስም ሕጉ ላይ የሚፈቀዱት ቃላት ከነአጻጻፋቸው አንድ በአንድ ተዘርዝረው መቀመጥ አለባቸው።

የስም ሕግ የማይደርስበት አንድ ቦታ አለ፤ ወረቀት። ፋይሉ ሲታተም ስሙ አብሮ አይወጣም። የእትሙ ቁጥር በመጀመሪያው ገጽ አናት ላይ መጻፍ፣ በግርጌው ላይም የኤክሴልን `&[File]` ምልክት ማስገባት የፋይሉን ስም በየገጹ ያትማል። `&[Date]` የሚለውን ግን ለዚህ መጠቀም ስሕተት ነው። እሱ የሚያትመው ወረቀቱ የታተመበትን ቀን ስለሆነ፣ የሰኔው በጀት በጥር ሲታተም የጥር በጀት ያስመስለዋል።

የለውጥ መዝገብ

ለማሳያ ያህል አንድ አነስተኛ የአገር ውስጥ ድርጅት እናስብ። 100,000 ዶላር የለጋሽ ድጋፍ እና 1,300,000 ብር የአባላት መዋጮ አለው። በሰኔ 2016 በ57 ብር ምንዛሪ የጸደቀው በጀቱ 7,000,000 ብር ነው፦ ለሥልጠና 2,100,000፣ ለትምህርት ቁሳቁስ 2,400,000፣ ለነዳጅና ለተሽከርካሪ 600,000፣ ለፕሮጀክት ሠራተኞች ደመወዝ 900,000፣ ለአስተዳደር 1,000,000። ርዕሶቹ በቅደም ተከተል ከ100 እስከ 500 ኮድ ተሰጥቷቸዋል።

በነሐሴ ቦርዱ ተሰብስቦ የበጀቱ ምንዛሪ 75 ብር እንዲሆን ወሰነ። የመጣውን 1,800,000 ብር እንዴት እንደሚከፋፈልም ወሰነ፤ ከውጭ የሚገባው ቁሳቁስ ዋጋው ስለሚጨምር 1,100,000፣ ለሥልጠና 400,000፣ ለነዳጅ 300,000። በታኅሣሥ ደግሞ ነዳጁ እንደማይበቃ ታይቶ 150,000 ብር ከሥልጠና ወደ ነዳጅ ተዛወረ። መዝገቡ ይህን በአምስት መስመር ይይዘዋል፦

```
A  | B             | C       | D   | E
01 | EC2016-12-20  | v01→v02 | 100 |   400000
01 | EC2016-12-20  | v01→v02 | 200 |  1100000
01 | EC2016-12-20  | v01→v02 | 300 |   300000
02 | EC2017-04-12  | v02→v03 | 100 |  -150000
02 | EC2017-04-12  | v02→v03 | 300 |   150000
```

ከእነዚህ ዓምዶች ቀጥሎ በየመስመሩ ምክንያቱ፣ ጠያቂው፣ ያጸደቀው አካል እና የቃለ ጉባኤው ወይም የደብዳቤው ቁጥር ይሰፍራሉ። ጠያቂና አጽዳቂ አንድ ሰው መሆን የለባቸውም። ዝውውር ሁልጊዜ ሁለት መስመር ይይዛል፤ አንዱ ሲቀነስ ሌላው ሲደመር ድምሩ ዜሮ ይሆናል። በዚህ መዝገብ ላይ የሚገባው የጸደቀ ለውጥ ብቻ ነው። ገና በጥያቄ ላይ ያለውና ውድቅ የተደረገው በሌላ ገጽ ይቀመጣል፤ ከጸደቀው ጋር ከተቀላቀለ ድምሩ ትርጉም ያጣል።

የምንዛሪው ዋጋ ራሱ በምክንያት ዓምድ ላይ በግልጽ ይጻፋል፤ ከ57 ወደ 75፣ በየትኛው ባንክ፣ በየትኛው ቀን ዋጋ። ብሩ ከዚያ በኋላም መውረዱን ቢቀጥል የበጀቱ 75 እስከ ቀጣዩ ውሳኔ ድረስ ከቦታው አይነቃነቅም። ገንዘቡ በእውነት የተመነዘረበት ዋጋ በሒሳብ መዝገብ ላይ ይታያል፤ ልዩነቱም በሪፖርት ይገለጻል። የፋይሉን ሕዋስ ከዕለቱ የባንክ ዋጋ ጋር ማያያዝ ዘመናዊ ይመስላል፤ ነገር ግን በጀቱ በየማለዳው ያለ ማንም ፊርማ እንዲለወጥ ያደርጋል።

ቀመሩ

መዝገቡ በትክክል ከተያዘ ሊደመር ይችላል። በአንድ የማረጋገጫ ገጽ ላይ በA ዓምድ የርዕሱ ኮድ፣ በB በሰኔ የጸደቀው v01፣ በC አሁን በሥራ ላይ ያለው ፋይል ቁጥር ይቀመጣል። በD ደግሞ ይህ ቀመር ይገባል፦

```
=C5-(B5+SUMIFS(LOG!E:E,LOG!D:D,A5))
```

ቀመሩ የሚለው ቀላል ነው። ከመጀመሪያው በጀት ላይ በዚህ ኮድ የጸደቁትን ለውጦች ሁሉ ደምር፤ ድምሩን አሁን ካለው ቁጥር ቀንስ። ሁሉም ነገር ትክክል ከሆነ መልሱ በየመስመሩ ዜሮ ነው። ለሥልጠና 2,100,000 ሲደመር 400,000 ሲቀነስ 150,000 ይሆናል 2,350,000። ለነዳጅ 600,000 ሲደመር 300,000 ሲደመር 150,000 ይሆናል 1,050,000። ጠቅላላው 8,800,000 ብር ነው።

አሁን በመጋቢት የሩብ ዓመት ሪፖርት ሲዘጋጅ ማረጋገጫው ሌላ ነገር አሳየ እንበል። በቁሳቁስ መስመር ላይ 80,000 ተቀንሶ፣ በአስተዳደር መስመር ላይ 80,000 ተደምሮ ተገኘ። ጠቅላላ ድምሩ አሁንም 8,800,000 ነው። ብዙ ቢሮዎች ይህን ሳያዩ የሚያልፉት ስለዚህ ነው፤ የሚያስተያዩት የታችኛውን ድምር ብቻ ነው፣ እሱም አልተነካም። ልዩነቱን ያወጣው መስመር በመስመር የተደረገው ማነጻጸር ነው።

ይህ ዓይነቱ ለውጥ አቅጣጫውም ያሳስባል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 የአስተዳደር ወጪ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ገደብ አስቀምጧል። በዚህ ምሳሌ 1,080,000 ብር ከ8,800,000 ውስጥ 12 በመቶ ገደማ ስለሆነ ገደቡ አልተጣሰም። ነገር ግን ከፕሮግራም ወደ አስተዳደር የተሻገረ ገንዘብ ኦዲተሩም ለጋሹም መጀመሪያ የሚጠይቁት ነው።

ምንጩ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ ኃላፊው በደብዳቤ ፈቅዶ ሳለ መዝገቡ ላይ ያልገባ ዝውውር ነው፤ ወይም የጸደቀውን ፋይል ከፍቶ ያለ ፈቃድ የለወጠው ሰው አለ። ደብዳቤው ከተገኘ በመዝገቡ ላይ ተራ ቁጥር 03 ሆኖ በራሱ ቀን ይገባል፤ ፋይሉም v04 ይባላል። ደብዳቤ ከሌለ ደግሞ v03 በነበረበት ይመለሳል፤ ለውጡን የሚፈልገው ሰው እንደማንኛውም ጥያቄ ያቀርባል። ሦስተኛው መንገድ፣ ማለትም ፋይሉ ላይ ካለው ጋር እንዲገጥም መዝገቡን ወደ ኋላ ማስተካከል፣ ብዙ ጊዜ የሚፈተን ነው። እሱ ከተደረገ ማረጋገጫው ዜሮ ያሳያል፣ ትርጉሙ ግን ያከትማል።

ቀመሩም የራሱ ድክመት አለው። በመዝገቡ ላይ «TR-200» የሚል ኮድ መጨረሻው ላይ ባዶ ቦታ ተጨምሮበት ከተጻፈ SUMIFS አያገኘውም፤ ጥፋት የሌለበት መስመር ጥፋተኛ ይመስላል። ስለዚህ የመዝገቡ ጠቅላላ ድምር ከሁለቱ እትሞች ልዩነት ጋር እኩል መሆኑ ለብቻው ይታያል። እዚህ ምሳሌ ላይ 1,800,000 መሆን አለበት።

ከጀርባ የሚመጡ ስሕተቶች

ስሙም መዝገቡም ትክክል ሆኖ ፋይሉ ሊያሳስት የሚችልበት መንገድ አለ። በብዙ ቢሮ የገንዘብ ፍሰት ዕቅዱ ለብቻው ፋይል ነው፤ ቁጥሩን የሚቀዳው ከበጀቱ ፋይል በማያያዣ ነው፦

```
='[BUD_2017_v01_APPROVED_EC2016-10-25.xlsx]Sum'!$F$12
```

v02 ጸድቆ በማኅደሩ ሲቀመጥ ይህ ማያያዣ በራሱ አይከተለውም። በሰኔው ስም ላይ እንደተተከለ ይቀራል። የገንዘብ ፍሰት ዕቅዱ በጥር ታድሶ ሲታተም አዲስ ቀን ይይዛል፤ ውስጡ ያለው ግን የ57 ብሩ በጀት ነው። የዚህ ተቃራኒም አለ። ሁለቱ ፋይሎች አብረው ተከፍተው ሳለ አንድ ሰው በጀቱን በ«Save As» የረቂቅ ስም ቢሰጠው ማያያዣው አብሮ ወደ ረቂቁ ይዞራል፤ ያልጸደቀው ቁጥር ሳይታወቅ በሥራ ላይ ይውላል። ሁለቱንም የሚገልጠው አንድ እርምጃ ነው። አዲስ እትም በጸደቀ ቁጥር ከእሱ በሚቀዱት ፋይሎች ሁሉ በ«Data» ሥር ያለውን የማያያዣ ዝርዝር ከፍቶ የተጻፈውን ስም ማንበብ ይገባል። የስም ሕጉ እዚህ ላይ ዋጋውን ይከፍላል፤ ዝርዝሩ ላይ v01 ወይም DRAFT የሚል ከታየ ፋይሉን ሳይከፍቱ ስሕተቱ ታውቋል።

የተደበቁ መስመሮች ሌላው ናቸው። በመስከረም 2008 እንደ ፈረንጆቹ፣ ሌማን ብራዘርስ ሲከስር ባርክሌይስ ባንክ ከንብረቱ የሚገዛውን ውል በኤክሴል ዘርዝሮ ለጠበቆች ላከ። ሠንጠረዡ ወደ 1,000 የሚጠጋ መስመር ነበረው። ከእነዚህ ውስጥ ባንኩ ያልፈለጋቸው 179 ውሎች ከሠንጠረዡ አልተሰረዙም፤ ተደብቀው ነበር። ሰነዱ ለፍርድ ቤት በሌሊት ተጣድፎ ወደ ፒዲኤፍ ሲቀየር የተደበቁት ሁሉ ወጡ፤ ባንኩ እንደሚገዛቸው ውሎች ሆነውም ለፍርድ ቤቱ ቀረቡ። ጠበቆቹ በጥቅምት ፍርድ ቤቱን ማስተካከያ ለመጠየቅ ተገደዱ።

በበጀት ፋይል ላይ ይኸው ነገር በተቃራኒው ይከሰታል። የኤክሴል `SUM` የተደበቀውን መስመርም ይደምራል፤ ሲታተም ግን መስመሩ አይወጣም። ቦርዱ የፈረመበት ወረቀት ላይ ያሉት ቁጥሮች በእጅ ሲደመሩ ከታች የተጻፈውን አይሰጡም። ስለዚህ ለማጽደቅ ከመቅረቡ በፊት የተደበቁ መስመሮችና ገጾች ሁሉ ይገለጣሉ፤ የማያስፈልገው ይሰረዛል፤ የታተመው ወረቀትም አንድ ጊዜ በካልኩሌተር ይደመራል።

ብዙ ሰው በእነዚህ ጥንቃቄዎች ፈንታ የኮምፒውተሩን የራሱን ታሪክ ያምናል። ጎግል ሺትስ የአንድን ሕዋስ ለውጥ ማን እንዳደረገው ያሳያል፤ የኤክሴል «Show Changes» ም እንዲሁ። እነዚህ ማን እንደነካው ለማወቅ በጣም ይጠቅማሉ። ይሁንና «Show Changes» ወደ ኋላ የሚሄደው እስከ 60 ቀን ድረስ ነው። በነሐሴ የተደረገ ለውጥ በሰኔ ለሚመጣ ኦዲተር አይደርስም። ደግሞም የሚያሳዩት የተነካውን ነው እንጂ የተፈቀደውን አይደለም። «Mark as Final» የሚለው ምልክትም ቁልፍ አይደለም፤ ፋይሉን የከፈተ ማንም ሰው አንድ ጊዜ ተጭኖ ማስተካከሉን መቀጠል ይችላል። የጸደቁ እትሞች የሚቀመጡበት ማኅደር ለአንድ ሰው ብቻ መጻፊያ፣ ለሌሎቹ ሁሉ ማንበቢያ ሆኖ ቢከፈት ከዚህ የተሻለ ጥበቃ ይሰጣል።

ከዚያ በላይ መተማመኛ የሚፈልግ ድርጅት የፋይሉን የጣት አሻራ መውሰድ ይችላል። በዊንዶውስ ላይ ይህን መጻፍ በቂ ነው፦

```
certutil -hashfile BUD_2017_v03_APPROVED_EC2017-04-12.xlsx SHA256
```

የሚወጣው የ64 ምልክት ሰንሰለት በለውጥ መዝገቡ ላይ ከእትሙ ጎን ይጻፋል። በፋይሉ ውስጥ አንዲት አኃዝ ብትለወጥ ሰንሰለቱ ሙሉ በሙሉ ሌላ ይሆናል። አንድ ገደብ ግን አለው። ማንም ቁጥር ሳይነካ ፋይሉን ከፍቶ ቢያስቀምጠው ኤክሴል የማስቀመጫ ሰዓቱን ስለሚጽፍ አሻራው ይለወጣል። ስለዚህ የአሻራው መለወጥ «ተነክቷል» ይላል እንጂ «ተጭበርብሯል» አይልም፤ ምን እንደተለወጠ የሚለየው ያው የመስመር በመስመር ቀመር ነው።

ሰኔ 30 እና ሐምሌ 1

የበጀት ዓመቱ ሲዘጋ አራት ነገሮች በአንድ ማኅደር ይታሸጋሉ፦ በሰኔ የጸደቀው v01፣ የመጨረሻው የጸደቀ እትም ከመካከለኞቹ ጋር፣ የለውጥ መዝገቡ፣ እና መዝገቡ የሚጠቅሳቸው ቃለ ጉባኤዎችና ደብዳቤዎች ተቃኝተው። ረቂቆቹ ወደዚህ አይገቡም። ኦዲተሩ ሲመጣ ሦስት መስመር መርጦ ከመጀመሪያው ቁጥር እስከ መጨረሻው በመዝገቡ እየተከተለ፣ በየተራ ቁጥሩ ፊርማውን ማግኘት መቻል አለበት።

አዲሱ ዓመት የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያው ቀን ነው። የ2018 ፋይል የሚወለደው የ2017ን የመጨረሻ እትም ቀድቶ ስሙን በመቀየር ስለሆነ፣ ያለፈው ዓመት ማያያዣ፣ የተደበቀ ገጽና የምንዛሪ ዋጋ ሁሉ አብሮ ይሻገራል። ስለዚህ ረቂቁ ከመሰራጨቱ በፊት የማያያዣ ዝርዝሩ ይከፈታል፤ ከአሮጌው ፋይል የሚቀዳው ሁሉ ይቋረጣል። የምንዛሪው ሕዋስ ተፍቆ ባዶ ይደረጋል፤ ቁጥሩን የሚሞላው ሰው ምንጩንና ቀኑን ከጎኑ ይጽፋል። የለውጥ መዝገቡም ከርዕሶቹ በቀር ባዶ ሆኖ ይጀምራል። ቦርዱ v01ን እስኪያጸድቅ ድረስ የመጀመሪያው መስመር አይሞላም።